ማንትራ እና የድምፅ ቅድስና

ማንትራ በጥንታዊት ሕንድ የተጀመረ፣ በተወሰነ ድምፅና በተወሰነ ቅደም ተከተል ብቻ የሚነገር ወይም በልብ የሚደገም ቅዱስ ቃል፣ ሐረግ ወይም ስንኝ ነው። በሂንዱ፣ በቡድሃ እና በጄን ሃይማኖቶች ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱ ማንትራ የአንድ ክፍለ ቃል ርዝመት ብቻ ያለው ሲሆን ሌላው ሙሉ ስንኝ ነው።

ማንትራን ከተራ ጸሎት የሚለየው ድምፁ የትርጉሙ መያዣ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጸሎት በሌላ ቋንቋ ሊተረጎም፣ ሐሳቡም በሌላ ቃል ሊገለጽ ይችላል። ማንትራ ግን አንዱ ቃል ተመሳሳይ ትርጉም ባለው ሌላ ቃል ቢተካ ማንትራ መሆኑ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ በተለይ የቬዳ ማንትራዎችን ምሳሌ በማድረግ ድምፅ ለምን እንዲህ ያለ ቦታ እንደተሰጠው፣ ማንትራም ምን ይሠራል ተብሎ እንደሚታመን ያስረዳል።

## የቃሉ ትርጉም

«ማንትራ» የሳንስክሪት ቃል ነው። የተሠራው ማሰብን ከሚያመለክተው «ማን» ከሚለው ሥርና የመሣሪያ ስም ከሚፈጥረው «ትራ» ከሚለው ቅጥያ ነው። በአማርኛ ከመጥረግ «መጥረጊያ»፣ ከመክፈት «መክፈቻ» እንደምንለው ሁሉ፣ ማንትራ ቃል በቃል «ማሰቢያ» ማለት ነው። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ደግሞ «ትራ» የሚለውን መጠበቅ ከሚል ግሥ ጋር አያይዘው «የሚያስበውን ሰው የሚጠብቅ» ብለው ይፈቱታል። ይህ ሁለተኛው አፈታት ከቋንቋ ታሪክ ይልቅ የአማኞችን እምነት የሚያሳይ ነው።

በአማርኛ ማንትራ አንዳንድ ጊዜ «ድግምት» ተብሎ ይተረጎማል። ድግምት ዛሬ ከጥንቆላ ጋር ስለሚያያዝ ትርጉሙ አሳሳች ነው። የቃሉ ሥር ግን ለጉዳዩ ቅርብ ነው። «ዳዊት ደገመ» ሲባል መዝሙሩን ጮክ ብሎ ወይም በለሆሳስ አነበበ ማለት ነው እንጂ አስማት ሠራ ማለት አይደለም። ማንትራን ደጋግሞ መናገር በሳንስክሪት ጃፓ ይባላል፤ «መድገም» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር በጣም ይቀራረባል።

## የተሰማ እንጂ ያልተጻፈ

ከሁሉም ጥንታዊ የሆኑት ማንትራዎች የሚገኙት በአራቱ ቬዳዎች ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሪግቬዳ 1,028 መዝሙሮችን ይዟል፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከ1500 እስከ 1000 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተደረሱ ይገምታሉ። እነዚህ መዝሙሮች ለብዙ መቶ ዓመታት በጽሑፍ አልሰፈሩም። ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ ይተላለፉ ነበር። ለዚህም ነው ቬዳ ሽሩቲ የሚባለው፤ ትርጉሙ «የተሰማው» ማለት ነው። መዝሙሮቹን የተቀበሉት ጠቢባን ሪሺ ይባላሉ። ባህሉ እነርሱን እንደ ደራሲ አያያቸውም፤ ቀድሞ የነበረውን ያገኙ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

በሪግቬዳ ውስጥ ንግግር ራሱ አምላክ ነው። ቫች የተባለችው የንግግር እንስት አምላክ በ10ኛው መጽሐፍ 125ኛ መዝሙር በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ አማልክትን የምትሸከም ኃይል መሆኗንም ትገልጻለች። በ1ኛው መጽሐፍ 164ኛ መዝሙር ደግሞ ንግግር አራት ክፍል እንዳለውና ሰዎች የሚናገሩት አራተኛውን ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሐሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ የማንትራ ሊቃውንት ትልቅ ትምህርት ሆኗል፤ ከታች እንመለስበታለን።

የቃል ትምህርት ከጽሑፍ የተመረጠበትን ምክንያት አማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። «አለ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደሉ ሁለቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል፤ ልዩነቱ ያለው በድምፁ ብቻ ነው። የቬዳ ሳንስክሪትም እንዲህ ያሉ ልዩነቶች አሉት፤ እዚያ ግን ትርጉም የሚለውጠው የድምፁ ከፍታ ነው። በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ የትኛው ክፍለ ቃል ከፍ ብሎ እንደሚነገር የታወቀ ነው። ከፍ ያለው ኡዳታ፣ ዝቅ ያለው አኑዳታ፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚወርደው ስቫሪታ ይባላል።

## በአንድ ድምፅ የተበላሸ መሥዋዕት

የድምፅ ከፍታ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማስረዳት የሕንድ ሊቃውንት ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። ታሪኩ በቬዳ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በ2ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የነበረው የሰዋስው ሊቅ ፓታንጃሊም ሰዋስው መማር ለምን እንደሚያስፈልግ ሲያስረዳ ያነሣዋል።

ትቫሽትሪ የአማልክት ጥበበኛ ነው። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ቪሽቫሩፓ የተባለውን ልጁን ገደለበት። ትቫሽትሪ ለመበቀል ወስኖ መሥዋዕት አቀረበ፤ ከእሳቱ የሚወጣው ፍጡር «ኢንድራሻትሩ» ሆኖ እንዲያድግም ተመኘ። ይህ ቃል «ኢንድራ» እና «ሻትሩ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ሻትሩ ጠላት ወይም ገዳይ ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍለ ቃል ከፍ ብሎ ከተነገረ ጥምሩ «የኢንድራ ገዳይ» ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከፍ ካለ ግን «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ማለት ነው።

ትቫሽትሪ ከፍታውን በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ አደረገው። ከእሳቱ ቭሪትራ የተባለ አስፈሪ ፍጡር ወጣ፣ አደገ፣ በመጨረሻም በኢንድራ እጅ ተገደለ። መሥዋዕቱ አልከሸፈም፤ የተባለውን በትክክል ፈጸመ። የከሸፈው የትቫሽትሪ ሐሳብ ነው።

የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በተራ ንግግር አድማጭ የተናጋሪውን ሐሳብ ገምቶ ስህተቱን ያርምለታል። በማንትራ ግን የሚሠራው የተነገረው ድምፅ እንጂ ተናጋሪው ሊል የፈለገው አይደለም። በዚህ እምነት መሠረት የልብ ቅንነት የአፍን ስህተት አያካክስም።

## ድምፁ የተጠበቀበት ዘዴ

እንዲህ ያለ እምነት ያለው ማኅበረሰብ ድምፁን ሳይለወጥ ማቆየት ነበረበት። ለዚህም ሺክሻ የተባለ የአነጋገር ትምህርት ተዘጋጀ። ታይቲሪያ የተባለው ኡፓኒሻድ የትምህርቱን ስድስት ክፍሎች ይዘረዝራል፦ የእያንዳንዱ ድምፅ ማንነት፣ ከፍታው፣ ርዝመቱ፣ የሚነገርበት ኃይል፣ የአነጋገር እኩልነት እና የድምፆች መያያዝ።

የመጨረሻው፣ ማለትም መያያዙ፣ በተለይ አስቸጋሪ ነው። በሳንስክሪት የአንድ ቃል መጨረሻ በሚከተለው ቃል ምክንያት ይለወጣል። ለምሳሌ «ሳቪቱህ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር በ«ህ» ያበቃል፤ «ቫሬኒያም» ሲከተለው ግን «ሳቪቱር» ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው ስንኙን እንደተያያዘ ብቻ ከሸመደደ ቃላቱ ለየብቻ ምን እንደሚመስሉ ሊጠፋው ይችላል። ለየብቻ ብቻ ከተማረ ደግሞ አያያዙ ይበላሽበታል። መፍትሔው አንዱን ስንኝ በብዙ ስልት ማጥናት ሆነ። የአንድ ስንኝ ቃላት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ቢሆኑ ዋና ዋናዎቹ ስልቶች እንዲህ ይሄዳሉ።

- ሳምሂታ፦ ስንኙ እንደተያያዘ ይነበባል፤ 1 2 3 4።
- ፓዳ፦ ቃላቱ ተነጣጥለው ይነገራሉ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4።
- ክራማ፦ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነገራሉ፤ 1 2፣ 2 3፣ 3 4።
- ጃታ፦ ጥንዶቹ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት ይነገራሉ፤ 1 2፣ 2 1፣ 1 2፤ ከዚያም 2 3፣ 3 2፣ 2 3።
- ጋና፦ 1 2፣ 2 1፣ 1 2 3፣ 3 2 1፣ 1 2 3፤ ከዚያም 2 3፣ 3 2፣ 2 3 4፣ 4 3 2፣ 2 3 4።

በጋና ስልት በስንኙ መካከል ያለ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚነገር መቁጠር ይቻላል። በራሱ ዙር አምስት ጊዜ ይመጣል። ከእርሱ በፊት ባለው ቃል ዙር አምስት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ባለው ዙር ደግሞ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በድምሩ 13 ጊዜ ነው፤ ከተለያዩ ጎረቤቶች ጋርና በተለያየ አቅጣጫ። ተማሪው በአንዱ ቦታ ቃሉን ቢሳሳት፣ በቀሩት ቦታዎች የሚናገረው ከስህተቱ ጋር አይገጥምም። መምህሩ፣ ብዙ ጊዜም ተማሪው ራሱ፣ ወዲያው ያውቀዋል። ኮምፒዩተር መረጃ ሲልክ ስህተት እንዲታወቅ ትርፍ ምልክቶችን እንደሚጨምር ሁሉ፣ እዚህም ድግግሞሹ ራሱ መቆጣጠሪያ ነው።

ወደኋላ ሲነገር ስንኙ ትርጉም የለውም። «3 2 1» ማንም የተናገረው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ተማሪው ለዓመታት የሚለፋው ትርጉም የሌለውን ቅደም ተከተል በትክክለኛ ከፍታና አያያዝ ለመናገር ነው። ይህ ልማድ ድምፁ ከትርጉሙ ተለይቶ ዋጋ እንደተሰጠው በግልጽ ያሳያል።

ዘዴው ምን ያህል እንደተሳካ ጋያትሪ በተባለው ዝነኛ ማንትራ (ሪግቬዳ 3.62.10) ላይ ይታያል። ስንኙ ስምንት ስምንት ክፍለ ቃል ያላቸው ሦስት መስመሮች፣ በድምሩ 24 ክፍለ ቃል ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው መስመር ግን ሲነበብ ሰባት ብቻ ነው። ምክንያቱ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ቃል በጥንቱ አነጋገር «ቫ-ሬ-ኒ-ያም» ተብሎ በአራት ክፍለ ቃል ይነገር የነበረ ሲሆን፣ በተላለፈው ንባብ «ቫ-ሬን-ያም» ሆኖ ሦስት መቅረቱ ነው። አንባቢዎቹ ስንኙ እንደጎደለ ያውቁ ነበር፤ የዜማ ቁጥር የሚያስተምሩ መጻሕፍትም ጉድለቱ እንዴት ተከፍሎ እንደሚቆጠር ይናገራሉ። ሆኖም ምጣኔው እንዲሞላ ብለው የተላለፈውን የቬዳ ንባብ አልለወጡም። ከመምህራቸው የሰሙትን፣ ጉድለቱን ጨምሮ፣ አስተላለፉ።

## ቃል ዘላለማዊ ነው የሚለው ክርክር

ቬዳን ስለመተርጎም የተነሣው ሚማምሳ የተባለው የፍልስፍና ትምህርት ቤት ለዚህ ልማድ ምክንያት ሰጠው። የትምህርት ቤቱ መሠረታዊ መጽሐፍ የጃይሚኒ ነው፤ ዋናው ሐተታ ደግሞ የሻባራ። እነርሱ እንደሚሉት ቃል አይፈጠርም፣ አይጠፋምም። ሰው ሲናገር ቀድሞ የነበረውን ቃል ይገልጠዋል እንጂ አይሠራውም። በጨለማ ቤት መብራት ሲበራ ማሰሮው ይታያል፤ መብራቱ ግን ማሰሮውን አልሠራውም።

ሻባራ ለዚህ ከዕለት ተዕለት ንግግር ማስረጃ ያመጣል። አንድ ሰው «ላም» የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ቢናገር፣ ሰሚዎቹ «አንዱን ቃል ስምንት ጊዜ አለው» ይላሉ። «ስምንት ቃላት ተናገረ» አይሉም። ድምፁ ስምንት ጊዜ መጥቶ ሄዷል፤ ቃሉ ግን አንድ ሆኖ ቆይቷል።

ንያያ የተባለው የሎጂክ ትምህርት ቤት ይህን ተቃወመ። ድምፅ ሰው ሲደክምለት ይጀምራል፣ ወዲያውም ይጠፋል፤ ስለዚህ እንደ ማሰሮው የተሠራ ነገር ነው አሉ። ቬዳ የሚታመነው ቃሉ ዘላለማዊ ስለሆነ ሳይሆን የተናገረው አምላክ የታመነ ስለሆነ ነው የሚል አቋም ያዙ። ክርክሩ በሁለቱ ወገኖች መካከል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ደራሲ ካለው «ደራሲው ምን ሊል ፈልጎ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ሐሳቡንም ካገኘን በሌላ ቃል ልንለው እንችላለን። በሚማምሳ ትምህርት ግን ቬዳ ሰውም ሆነ አምላክ ያልደረሰው ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ሊደረስበት የሚችል ሌላ ሐሳብ ያለው ማንም የለም። ስለዚህ ያለው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉን መለወጥም ያለውን ነገር ሁሉ መለወጥ ነው።

ሚማምሳዎች ይህን እስከ መጨረሻው ወስደውታል። ካህኑ ለእሳት አምላክ ለአግኒ መሥዋዕት ሲያቀርብ «ለአግኒ» ማለት አለበት። አግኒ «ፓቫካ» (የሚያነጻው) እና «ሹቺ» (ብሩሁ) የሚሉ ሌሎች ስሞችም አሉት። ትእዛዙ «ለአግኒ» የሚል ከሆነ ግን በእነዚህ መተካት አይፈቀድም። ለሻባራ አምላኩ በመሥዋዕቱ ውስጥ የሚገኘው በሰማይ እንደተቀመጠ አካል ሳይሆን በትእዛዙ ውስጥ እንደተሰየመ ቃል ነው።

## ማንትራ ምን ይሠራል?

### በመሥዋዕት ሥርዓት ውስጥ

በሚማምሳ ትምህርት የማንትራ ሥራ ሊፈጸም ያለውን ነገር በጊዜው ወደ ልብ ማምጣት ነው። ለምሳሌ ለመሥዋዕቱ ቦታ የሚነጠፈው ሣር ሲታጨድ ካህኑ ሣሩን እያጨደ መሆኑን የሚናገር ማንትራ ይላል። «ይህንማ በሌላ መንገድ ማስታወስ አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን የታዘዘው በማንትራው ማስታወስ ነው፣ ፍሬ የሚያስገኘውም በታዘዘው መንገድ የተፈጸመው ብቻ ነው የሚል ነው። በዚህ አመለካከት ማንትራ አማልክትን የሚያስገድድ ምትሃት አይደለም። እጅ የሚሠራውንና ልብ የሚያስበውን አንድ የሚያደርግ የሥርዓቱ አካል ነው።

### በሰውየው ላይ

ጋያትሪ የሚሠራው በደጋሚው ላይ ነው። ማንትራው ለሳቪትሪ፣ ማለትም ለሚያነሣሣው የፀሐይ አምላክ የቀረበ ሲሆን፣ ሪሺው ቪሽቫሚትራ እንደሆነ ይነገራል። ልመናው አምላኩ የሰዎችን አሳብ እንዲያነሣሣ ነው። ልጁ ኡፓናያና በተባለው የክር ማሰሪያ ሥርዓት ወደ ትምህርት ሲገባ ማንትራውን ከመምህሩ ወይም ከአባቱ ይቀበላል። አሰጣጡም ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ መስመር በመስመር፣ ቀጥሎ በግማሽ፣ በመጨረሻ ሙሉውን። ከዚያ ወዲያ በንጋት፣ በቀትርና በምሽት ይደግመዋል። ቁጥሩን በጣት አንጓ ወይም 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ይይዛል።

ድምፁ ቅዱስ ነው መባሉ ማን ሊናገረው ይችላል የሚል ክልከላም አስከትሏል። በጥንቱ ሥርዓት ጋያትሪን የሚቀበሉት የሦስቱ ከፍተኛ መደቦች ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶችና ሹድራ የተባሉት የአራተኛው መደብ ሰዎች ቬዳን መማር ተከልክለው ኖረዋል። ዳያናንዳ ሳራስቫቲ እ.ኤ.አ. በ1875 የመሠረተው አርያ ሳማጅ ይህን ክልከላ ተቃውሞ ቬዳ ለሁሉም ነው ብሎ አስተማረ። ዛሬ ጋያትሪ በብዙ ቦታ ያለ ልዩነት ይደገማል፤ አጥባቂዎች ግን አሁንም አይስማሙም።

### ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ክፍለ ቃላት

ታንትራ በተባለው የኋላ ዘመን ልማድ «ቢጃ» ወይም «ዘር» የሚባሉ ማንትራዎች አሉ። «ህሪም»፣ «ሽሪም» እና «አይም» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በመዝገበ ቃላት የሚገኝ ፍቺ የላቸውም። ሽሪም የላክሽሚ፣ አይም የሳራስቫቲ ነው ሲባል፣ ድምፁ አምላኳን ይጠራል ብቻ ማለት አይደለም፤ ድምፁ የአምላኳ አካል ነው ማለት ነው። በዘር ውስጥ ዛፉ እንዳለ ሁሉ። ለዚህም ዘሩን የሚዘራ ያስፈልጋል፦ ማንትራው ራሱ ከተቀበለው መምህር በሥርዓት ካልተሰጠ በቀር ከመጽሐፍ ቢነበብ ሕይወት እንደሌለው ይታመናል።

በጣም የታወቀው ክፍለ ቃል ኦም ነው። ማንዱክያ ኡፓኒሻድ «አ»፣ «ኡ» እና «ም» ብሎ ይከፍለዋል፤ በቅደም ተከተልም ከንቃት፣ ከሕልምና ከከባድ እንቅልፍ ጋር ያገናኛቸዋል። ከ«ም» በኋላ ያለውን ጸጥታ ደግሞ አራተኛ ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል።

## ማንትራ ትርጉም አለው ወይ?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የቃላት ፍቺ ሊቅ የሆነው ያስካ ኒሩክታ በተባለው መጽሐፉ ካውትሳ የተባለ ሰው ማንትራዎች ትርጉም የላቸውም እንዳለ ይመዘግባል። የካውትሳ አንዱ ምክንያት ጠንካራ ነው፦ ትርጉም ያለው ንግግር በሌላ ቃል ሊባል ወይም ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል፤ ማንትራ ግን ሁለቱንም አይፈቅድም። ያስካ ሲመልስ የማንትራ ቃላት በዕለት ንግግር ያሉት ቃላት ናቸው፣ ስለዚህ እዚያ ትርጉም ካላቸው እዚህም አላቸው ይላል።

በዘመናችን የሆላንዱ ምሁር ፍሪትስ ስታል የካውትሳን ወገን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1975 በኬራላ ግዛት ፓንጃል በተባለ መንደር የናምቡዲሪ ብራህማኖች ለ12 ቀናት የፈጸሙትን አግኒቻያና የተባለ ታላቅ የእሳት መሥዋዕት ከባልደረቦቹ ጋር ቀረጸ። ካህናቱ የሚጨነቁት ድምፁና ድርጊቱ በደንቡ መሠረት መፈጸሙ ላይ እንጂ ትርጉሙ ላይ እንዳልሆነ ተመለከተ። ከዚህም ተነሥቶ ማንትራ ከቋንቋ ይልቅ ከወፍ ዝማሬና ከሙዚቃ ጋር እንደሚመሳሰል ተከራከረ። ብዙ ምሁራን ግን ጋያትሪን የመሰለ ማንትራ ግልጽ ልመና እንደያዘና ደጋሚዎቹም ይህን እንደሚያውቁ በመጥቀስ ነገሩን እንዳጋነነው ይናገራሉ። ቢጃ ማንትራን ለመግለጽ የስታል ሐሳብ የተሻለ ይገጥማል፤ ለጋያትሪ ግን አይበቃም።

## በጸጥታ የሚደገም ድምፅ

ጃፓ ሦስት ዓይነት ነው፦ ጮክ ብሎ፣ በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ እና በልብ። የማኑ ሕግ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ጮክ ያለው ጃፓ ከመሥዋዕት 10 እጥፍ፣ በለሆሳስ የሚባለው 100 እጥፍ፣ በልብ የሚባለው 1,000 እጥፍ ይበልጣል። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባል። ቅዱሱ ነገር ድምፅ ከሆነ፣ የማይሰማው ለምን በለጠ?

መልሱ በሪግቬዳ ከተነገሩት አራት የንግግር ክፍሎች ጋር ይያያዛል። በካሽሚር የነበሩ የሺቫ አማኝ ሊቃውንት፣ በተለይ በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን መካከል የኖረው አቢናቫጉፕታ፣ ንግግር አራት ደረጃ አለው ብለው አስተምረዋል። ከአፍ የሚወጣው ቫይካሪ የመጨረሻው ነው። ከእርሱ በፊት በልብ የሚታሰበው ማድያማ አለ። ከዚያ በፊት ቃላት ገና ሳይነጣጠሉ ሐሳቡ ባንድ ላይ የሚታይበት ፓሽያንቲ፣ የሁሉም ምንጭ ደግሞ ፓራ ነው። የማንትራ ደጋሚ በሚሰማው ድምፅ ጀምሮ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ስለዚህ ቅዱስ የሚባለው ድምፅ የአየር እንቅስቃሴ አይደለም፤ የአየር እንቅስቃሴው የእርሱ የመጨረሻ መገለጫ ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ዛሬ በሰፊው ከሚነገር አንድ ስህተት ያድናል። ማንትራ የሚሠራው በልዩ «ንዝረቱ» ነው፣ ሳይንስም አረጋግጦታል የሚሉ ብዙ ናቸው። ጣሊያን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» የተባለውን የቡድሃ ማንትራ በላቲን ከሚባለው የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት ጋር አነጻጽሯል። ሁለቱም አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ገደማ አዘገዩ፤ የልብና የደም ዝውውር ምትንም ከአተነፋፈሱ ጋር አስማሙ። ውጤቱ ተመሳሳይ መሆኑ ራሱ ትምህርት ነው። ለውጡን ያመጣው የአነጋገሩ ፍጥነት እንጂ የማንትራው ልዩ ድምፅ አልነበረም። ጥናቱ መድገም ሰውነትን እንደሚያረጋጋ ያሳያል፤ ባህሉ ስለ ድምፁ የሚለውን ግን አያረጋግጥም፣ አያፈርስምም።

## ዛሬ

ዩኔስኮ የቬዳ ንባብን እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀ፤ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። በዩኔስኮ መረጃ መሠረት በአንድ ወቅት ከ1,000 በላይ የንባብ ቅርንጫፎች ነበሩ፤ የቀሩት 13 ብቻ ናቸው። የመዝሙሮቹ ቃላት ታትመው በየቤተ መጻሕፍቱ ስለሚገኙ ጽሑፉ የመጥፋት ስጋት የለበትም። የንባብ ቅርንጫፍ የሚጠፋው የመጨረሻው አንባቢ ተተኪ ሳያስተምር ሲሞት ነው። ቀረጻ ድምፁን ያስቀራል፤ ተማሪውን ሰምቶ የሚያርመውን ጆሮ ግን አያስቀርም።